የጭድ ክምርን ይዘትና የገጽታ ስፋት ከፎቶ ላይ ማስላት

የጤፍ ጭድ ከአውድማ ተነስቶ ከተከመረ በኋላ አንድ ነጋዴ መጥቶ ክምሩን ዞር ዞር ብሎ ያይና ዋጋ ይጠራል። ባለቤቱም ሽቅብ አይቶ ለበሬዎቹ እስከ ሰኔ የሚበቃውን በልቡ ቀንሶ፣ የተረፈውን ልሽጥ ወይስ ልተው ይላል። ሁለቱም የሚገምቱት በዓይን ነው። ልዩነቱ ነጋዴው በየሳምንቱ ብዙ ክምር ሲገምትና ሲጭን የኖረ መሆኑ ነው። የጫነውን ደግሞ ከተማ ወስዶ ስለሚመዝነው፣ ዓይኑ ምን ያህል እንደሳተ ያውቃል። አርሶ አደሩ ግን በዓመት አንድ ወይም ሁለት ክምር ብቻ ይገምታል፤ ስህተቱንም የሚያውቀው ግንቦት ላይ ጭዱ ሲያልቅ ነው።

በዚህ ትምህርት አንድን ክምር በስልክ ፎቶ አንስተን፣ በታተመው ፎቶ ላይ መስመር አስምረን፣ ውስጡ ስንት ኪሎ ጭድ እንዳለና ውጪው ስንት ካሬ ሜትር ለዝናብ እንደተጋለጠ እናሰላለን። የሚያስፈልገው የ2 ሜትር ዱላ፣ ማስመሪያ፣ እስክርቢቶ፣ ገመድና ተንጠልጣይ ሚዛን ነው።

ክምሩ ሁለት ቅርጽ ነው

ክብ ሆኖ የተከመረ ጭድ ከታች እስከ ትከሻው ድረስ እንደ በርሜል ቀጥ ብሎ ይወጣል። ይህ ቅርጽ ሲሊንደር ይባላል። ከትከሻው በላይ ደግሞ እንደ ጎጆ ጣሪያ እየሾለ ሄዶ ጫፉ ላይ ያበቃል፤ ይህ ኮን ወይም ሾጣጣ ይባላል። ክምሩን አንድ ላይ ማስላት አይቻልም። ሁለቱን ለየብቻ አስልቶ መደመር ግን ቀላል ነው።

ፎቶውን ማንሳት

ፎቶው ብቻውን ስለ ክምሩ ትልቅነት ምንም አይናገርም። ትንሽ ክምር ከቅርብ ሲነሳ ትልቅ ይመስላል። ስለዚህ ርዝመቱ የታወቀ ነገር አብሮ መነሳት አለበት። ለዚህ ልክ 2 ሜትር የሆነ ዱላ ቆርጠው፣ ጫፍና ጫፉን በነጭ ቀለም ቀብተው፣ አንድ ሰው ቀጥ አድርጎ እንዲይዘው ያድርጉ።

ሰውየው የት ይቁም? ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ፎቶ ሲነሳ ሰው ልማዱ ክምሩ ፊት ለፊት መቆም ነው። እኛ የምንፈልገው ግን ከክምሩ ጎን፣ ከመሀሉ ትክክል ነው። ክምሩ ላይ መሀል ለመሀል ከግራ ወደ ቀኝ አንድ ገመድ ተዘርግቷል ብለው ያስቡ። ዱላው የሚቆመው በዚያ ገመድ መስመር ላይ፣ ከክምሩ ውጪ ነው።

ምክንያቱን በአንድ ምሳሌ እንየው። የክምሩ ወርድ 4 ሜትር ነው እንበል፤ ፎቶ አንሺው ደግሞ ከክምሩ መሀል 10 ሜትር ርቆ ቆሟል። ዱላ የያዘው ሰው ክምሩን ተደግፎ ፊት ለፊት ከቆመ ከፎቶ አንሺው 8 ሜትር ብቻ ይርቃል ማለት ነው። ወደ ስልኩ ስለቀረበ ዱላው ከልኩ በላይ ረዝሞ ይወጣል፤ በዱላው ስንለካው ደግሞ ክምሩ ከልኩ በታች ይሆንብናል። 4 ሜትር የሆነው ወርድ 3.2 ሜትር ይመጣል። ይህ ትንሽ ስህተት ይመስላል፤ ነገር ግን ስህተቱ በወርዱ ብቻ ሳይሆን በቁመቱም ስለሚደገም የክምሩ ይዘት ግማሽ ያህሉ ይጠፋል። ግማሹን ጭድ በነፃ እንደ መስጠት ነው።

ፎቶ አንሺው ከክምሩ ቢያንስ 20 እርምጃ ይራቅ፤ ስልኩን በደረቱ ልክ ቀጥ አድርጎ ይያዝ፤ ወደ ላይ አያዘንብል። ከጉብታ ላይ ቁልቁል ወይም ከገደል ሥር ሽቅብ የተነሳ ፎቶ ለዚህ ሥራ አይሆንም። የክምሩ እግርና ጫፍ፣ እንዲሁም የዱላው ሁለቱ ጫፎች ሳይቆረጡ መታየት አለባቸው።

መስመሮቹን ማስመር

በሥልጠናው የምንጠቀምበት ፎቶ ላይ አንድ የጤፍ ጭድ ክምር ከዱላው ጋር ይታያል። በእስክርቢቶ አራት መስመር ተሠምሮበታል። አንደኛው ክምሩን ከጎን እስከ ጎን ያቋርጣል፤ ይህ ወርዱ ነው። ሁለተኛው ከመሬት እስከ ትከሻው ቀጥ ብሎ ይወጣል፤ ይህ የሲሊንደሩ ቁመት ነው። ሦስተኛው ከትከሻው ደረጃ መሀል ለመሀል ተነስቶ እስከ ጫፉ ይደርሳል፤ ይህ የኮኑ ቁመት ነው። በእውነተኛው ክምር ላይ በጭዱ ውስጥ ስለሚያልፍ አይታይም፤ ስለዚህ በተቆራረጠ መስመር ተስሏል። አራተኛው ከትከሻው ጫፍ ተነስቶ በውጪ በኩል እስከ አናቱ የሚሄደው የተዳፋቱ ርዝመት ነው።

ሦስተኛውና አራተኛው መስመር እንዳይምታቱብዎ። ሦስተኛው ይዘት ለማስላት፣ አራተኛው የገጽታ ስፋት ለማስላት ነው።

በፎቶው ላይ የ2 ሜትሩ ዱላ በማስመሪያ ሲለካ 4 ሳንቲ ሜትር ሆነ። ስለዚህ በፎቶው ላይ ያለ 1 ሳንቲ ሜትር በመሬት ላይ ግማሽ ሜትር ነው። ወርዱ 8 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ 4 ሜትር ነው። የሲሊንደሩ ቁመት 4 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ 2 ሜትር፣ የኮኑ ቁመት 3 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ 1 ሜትር ተኩል፣ ተዳፋቱ 5 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ 2 ሜትር ተኩል ነው። ለስሌቱ የሚያስፈልገን የወርዱ ግማሽ ነው፤ እሱም 2 ሜትር ነው። ተማሪ ልጅ ቤት ካለ ይህን ሬዲየስ እንደሚለው ያውቃሉ።

ወርዱን በገመድም ያረጋግጡ። የክምሩን ዙሪያ በገመድ ዞረው ለክተው ለ6.28 ሲያካፍሉት የወርዱ ግማሽ ይወጣል። ለዚህ ክምር ዙሪያው 12 ሜትር ተኩል ገደማ መሆን አለበት። ከፎቶው ጋር በጣም ከተለያየ ወይ ዱላው የቆመበት ቦታ ተሳስቷል፣ ወይ ክምሩ ክብ ሳይሆን ሞላላ ነው። ሞላላ ከሆነ የገመዱን ይዘው የፎቶውን ይተዉ። ቁመቱን ግን ክምሩ ላይ ሳይወጡ በቀላሉ የሚነግርዎ ፎቶው ነው።

ይዘቱን ማስላት

የሲሊንደር ይዘት የመቀመጫው ስፋት በቁመቱ ሲባዛ ነው። የመቀመጫው ስፋት የወርዱ ግማሽ በራሱ ተባዝቶ፣ እንደገና በ3.14 ይባዛል፦

2 × 2 × 3.14 = 12.56 ካሬ ሜትር
12.56 × 2 = 25.12 ሜትር ኩብ

ኮኑም ተመሳሳይ መቀመጫ አለው፤ ነገር ግን እየሾለ ስለሚሄድ ተመሳሳይ መቀመጫና ቁመት ካለው ሲሊንደር የሚይዘው አንድ ሦስተኛውን ብቻ ነው። ይህን ማመን የሚቸገር ሰው አንድ የቲማቲም ጣሳ ይውሰድ። አፉ ከጣሳው አፍ፣ ቁመቱም ከጣሳው ቁመት ጋር እኩል የሆነ ሾጣጣ ከወፍራም ወረቀት ይጠቅልል። በሾጣጣው ስንዴ እየሞላ ወደ ጣሳው ቢገለብጥ ጣሳው የሚሞላው በሦስተኛው ነው። ስለዚህ፦

12.56 × 1.5 ÷ 3 = 6.28 ሜትር ኩብ

የክምሩ ጠቅላላ ይዘት 25.12 + 6.28 = 31.4 ሜትር ኩብ ነው።

በዚህ ቦታ ሰዎች ሁለት ስህተት ይሠራሉ። አንዱ ግማሹን ትቶ ሙሉውን ወርድ በራሱ ማባዛት ነው፤ ይህ ክምሩን አራት እጥፍ ያደርገዋል፣ ቁጥሩም ስለሚበዛ ወዲያው ያስነቃል። ሁለተኛው ግን አያስነቃም። በኮኑ ቁመት ፈንታ ተዳፋቱን፣ ማለትም በ1.5 ፈንታ 2.5ን መጠቀም ነው። ኮኑ ከ6.28 ወደ 10.47 ሜትር ኩብ ያድጋል። ይህ የሌለ ጭድ ነው፤ ለሁለት በሬ የሁለት ሳምንት ያህል ቀለብ ይሆናል።

ከሜትር ኩብ ወደ ኪሎ

ነጋዴም በሬም ሜትር ኩብ አያውቁም። የጭድ ክብደት እንደ ሰብሉ፣ እንደ አከማመሩና እንደ ቆይታው ስለሚለያይ ከሌላ ሰው የተገኘ ቁጥር መጠቀም አይመከርም። የራስዎን ክምር ይመዝኑ። ከክምሩ ጎን፣ ከመሬት 1 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ፣ ወደ ጎን 50፣ ወደ ላይ 50፣ ወደ ውስጥ 50 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጭድ በማጭድ ቆርጠው አውጥተው በጆንያ ይመዝኑ። ስምንት እንዲህ ያለ ቁራጭ አንድ ሜትር ኩብ ስለሚሆን የተገኘውን በ8 ያባዙ። ከኮኑም እንዲሁ አንድ ቁራጭ ይውሰዱ፤ ምክንያቱም ላይኛው ጭድ የሚጫነው ስለሌለ ከታችኛው ይቀላል።

በእኛ ክምር ላይ የታችኛው ቁራጭ 8 ኪሎ፣ የላይኛው 5 ኪሎ ተኩል መዘነ እንበል። የታችኛው በሜትር ኩብ 64 ኪሎ፣ የላይኛው 44 ኪሎ ይሆናል፦

25.12 × 64 = 1608 ኪሎ
6.28 × 44 = 276 ኪሎ

በድምሩ 1884 ኪሎ፣ ወይም 19 ኩንታል ሊሞላ ጥቂት የቀረው ጭድ ነው። 250 ኪሎ ገደማ የሚመዝን በሬ በቀን ከክብደቱ ከ2 እስከ 2.5 በመቶ የሚሆን ደረቅ መኖ ይበላል። 6 ኪሎ ብለን ብንይዝ ሁለት በሬ በቀን 12 ኪሎ ይፈልጋል። ከየካቲት 1 እስከ ሰኔ 30 ያለው 150 ቀን 1800 ኪሎ ይጠይቃል። ትርፉ 84 ኪሎ ብቻ ነው። እንግዲህ ነጋዴው ‹‹ሩቡን ሽጥልኝ›› ቢል መልሱ ከዓይን ሳይሆን ከዚህ ቁጥር ይወጣል። (ጭድ ብቻውን ሆድ ይሞላል እንጂ ለእርሻ ጉልበት አይሰጥም፤ ተጨማሪ መኖው በሌላ ትምህርት የሚታይ ነው።)

ቁመታቸው እኩል የሆኑ ሁለት ክምሮች

ሁለተኛውን ፎቶ ይመልከቱ። የዚህም ክምር ወርዱ 4 ሜትር፣ ጠቅላላ ቁመቱም እንደ መጀመሪያው 3 ሜትር ተኩል ነው። ልዩነቱ ትከሻው ከመሬት 1 ሜትር ላይ መጀመሩ ነው፤ የቀረው 2 ሜትር ተኩል ሾጣጣ ነው። በሥልጠና ላይ ሁለቱ ፎቶዎች ጎን ለጎን ሲቀርቡ ሰልጣኞች ‹‹ያው ናቸው›› ይላሉ፤ ጫፉ ስለሾለ ሁለተኛው ይበልጣል የሚልም አይጠፋም።

ሲሰላ ሲሊንደሩ 12.56፣ ኮኑ 10.47፣ በድምሩ 23 ሜትር ኩብ ገደማ ነው። በዚያው ክብደት ሲባዛ 1264 ኪሎ ይመጣል። ከመጀመሪያው በ620 ኪሎ ያንሳል፤ አንድ ሦስተኛው የለም ማለት ነው። ለሁለት በሬ የሚበቃው ለ105 ቀን ነው፤ የካቲት 1 የጀመረ ሰው ግንቦት 15 ላይ ባዶ አውድማ ላይ ይቆማል። በሬው ለሰኔ እርሻ ጉልበት የሚያስፈልገው ደግሞ ያን ጊዜ ነው።

ስለዚህ ክምር ሲያዩ ከጫፉ በፊት ትከሻውን ይፈልጉ። ትከሻው በአንድ ሜትር ከፍ ማለት ጫፉ በሦስት ሜትር ከፍ እንደ ማለት ነው።

የገጽታ ስፋትና ዝናብ

የገጽታ ስፋት ማለት ክምሩን ከውጪ በጨርቅ ብንሸፍነው የሚያስፈልገው ጨርቅ ነው። የሲሊንደሩን ጎን ገልጠን ብንዘረጋው ርዝመቱ የክምሩ ዙሪያ፣ ስፋቱ ቁመቱ የሆነ አራት ማዕዘን ይሆናል፦

6.28 × 2 × 2 = 25.12 ካሬ ሜትር

ይህ ቁጥር ከሲሊንደሩ ይዘት ጋር አንድ መሆኑን ያስተዋለ ሰው ይኖራል። የሆነው የወርዱ ግማሽ ልክ 2 ሜትር ስለሆነ ነው፤ ወርዱ ከዚህ በተለየ ክምር አይመጣም። ለኮኑ ደግሞ 3.14 በወርዱ ግማሽና በተዳፋቱ ይባዛል፦

3.14 × 2 × 2.5 = 15.7 ካሬ ሜትር

በድምሩ 40.8 ካሬ ሜትር ነው። ክምሩ መሬት ላይ የተቀመጠበት 12.56 አይቆጠርም፤ ዝናብ አያገኘውም። ኮኑ ከሲሊንደሩ ጋር የሚገናኝበትም ክብ ውስጥ ስለሆነ አይቆጠርም። እነዚህን የሚደምር ሰው ሳያስፈልገው 25 ካሬ ሜትር ይጨምራል።

ይህ ስፋት ምን ይጠቅማል? ዝናብ በዋናነት የሚወርደው በኮኑ ላይ ነው። የበልግ ዝናብ መጥቶ ውሃው 15 ሳንቲ ሜትር ጠልቆ ገባ እንበል። 15.7 በ0.15 ሲባዛ 2.36 ሜትር ኩብ ነው፤ በ44 ኪሎ ሲባዛ 104 ኪሎ ገደማ ጭድ ይሻግታል። ትርፋችን 84 ኪሎ እንደነበር ያስታውሱ። ትርፉ በሙሉ በገጽታው በኩል አለቀ፣ ከሰኔም ሁለት ቀን ወሰደ።

በእርስዎ ክምር ላይ ውሃው ምን ያህል እንደገባ ለማወቅ እጅዎን በተዳፋቱ ላይ ወደ ውስጥ ይስደዱ። እርጥበቱ ወይም ጥቁረቱ እስከ ክንድዎ የት ድረስ እንደሆነ ይለኩና በ0.15 ቦታ ያስገቡት። ውስጡ ለእጅ የሚሞቅና የሻገተ ሽታ ያለው ከሆነ መበስበስ ጀምሯል፤ ያንን ለከብት አይስጡ።

የሁለተኛው ክምር ተዳፋት 3.2 ሜትር፣ የኮኑ ገጽታ 20 ካሬ ሜትር ነው። ጭዱ ያነሰ ሆኖ ለዝናብ የሚሰጠው ገጽታ በዝቷል። እውነት ነው፣ ቀጥ ያለ ተዳፋት ውሃን ቶሎ ያወርዳል፤ ለዚህም ነው አባቶች ጫፉን የሚያሾሉት። ሾጣጣ አይኑር አንልም። ጠፍጣፋ አናት ያለው ክምር ውሃ አቁሮ እስከ መሀሉ ይበሰብሳል። ነገር ግን ላስቲክ የሚያለብስ ሰው ትከሻውን ከፍ፣ ጫፉን እንደ መጀመሪያው ክምር መካከለኛ ቢያደርግ ይሻለዋል።

ላስቲክ ለመግዛት

የኮኑ ገጽታ 15.7 ካሬ ሜትር ነው ብሎ 4 በ4 ሜትር ላስቲክ የገዛ ሰው ይጎድልበታል። ስፋቱ 16 ካሬ ሜትር ቢሆንም ክምሩን አያዳርስም። ከአናቱ እስከ ትከሻው 2.5 ሜትር ስለሆነ ላስቲኩ ከመሀሉ ወደ አራቱም ጎን 2.5 ሜትር መድረስ አለበት። ዝናቡ ከጎን እንዳይገባ ደግሞ ከትከሻው 30 ሳንቲ ሜትር ይውረድ። ስለዚህ ከመሀል 2.8፣ ከዳር እስከ ዳር 5.6 ሜትር ያስፈልጋል፤ 6 በ6 ሜትር ይግዙ። በተዳፋቱ ላይ ሲለብስ ላስቲኩ ይተርፍና ይተጣጠፋል፤ እጥፉ ከላይ ወደ ታች ይሁን፣ አፉ ነፋስ ከሚመጣበት ጎን አይዙር። የተረፉት አራት ማዕዘኖች ድንጋይ ለማንጠልጠል ይጠቅማሉ።

ጎኑን በላስቲክ አይጠቅልሉ። ጭዱ እርጥበቱን የሚያስወጣው በዚያ ነው። እርጥብ ጭድ ላይ ላስቲክ ማልበስም ከዝናቡ ያላነሰ ያበሰብሳል።

መለማመጃ

በሦስተኛው ፎቶ ላይ የ2 ሜትሩ ዱላ 5 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ይታያል። የክምሩ ወርድ 7.5፣ የሲሊንደሩ ቁመት 4፣ የኮኑ ቁመት 5፣ ተዳፋቱ 6.25 ሳንቲ ሜትር ነው። መጀመሪያ 1 ሳንቲ ሜትር በመሬት ላይ ስንት እንደሆነ ያግኙ፤ ከዚያ ይዘቱንና ለዝናብ የተጋለጠውን ገጽታ ያስሉ። ይዘቱ 16 ሜትር ኩብ፣ ገጽታው 26.8 ካሬ ሜትር ገደማ ካልመጣልዎ ወርዱን ለሁለት ማካፈልዎንና ሦስተኛውንና አራተኛውን መስመር አለማቀያየርዎን ይመልከቱ። ከዚያ የራስዎን ክምር ፎቶ አንስተው ለሚቀጥለው ሥልጠና ከሁለቱ ቁራጮች ክብደት ጋር ይዘው ይምጡ።